ከበሩ ሥር የሚዘለው ውኃ

ሦስት ሜትር ስፋት ያለው፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወለሉም ደልዳላ የሆነ የኮንክሪት ቦይ እናስብ። ቦዩን የብረት በር ዘግቶታል፤ ከበሩ ኋላ ውኃው ሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ይዞ ተኝቷል። በር ጠባቂው መዘውሩን አዙሮ በሩን 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲያደርገው ውኃው በታች ባለችው ክፍተት እየተምዘገዘገ ይወጣል። የበሩን ከንፈር እንዳለፈ ይበልጥ ይሳሳና 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ይዞ በሰከንድ ስምንት ሜትር ይሮጣል። እስከዚህ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ግራ የሚያጋባው ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ወለሉ አልተቀየረም፣ ግድግዳው አልጠበበም፣ ድንጋይም አልተጋረጠበትም፤ ውኃው ግን ባንድ ቦታ ላይ በድንገት ይነሣል፣ ወደ ኋላው ይገለበጣል፣ እየጮኸ ነጭ አረፋ ይሆናል። አሥር ሜትር ያህል ሲናጥ ቆይቶ ከዚያ ወዲያ 1.69 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ውኃ ሆኖ ይወጣል።

መሐንዲሶች ይህን ሃይድሮሊክ ጃምፕ ይሉታል፤ እኔ እዚህ ዝላይ እለዋለሁ። የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ይሁንና መካከለኛ በሆነ የመስኖ ቦይ ላይ ሊገጥሙ የሚችሉ ናቸው። በቦዩ ውስጥ በሰከንድ 6 ሜትር ኩብ ውኃ ያልፋል፤ ይህም በአንድ ሜትር ስፋት 2 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ቦዩን የሚነድፈው ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ከዝላዩ በኋላ ውኃው ምን ያህል ይጠልቃል? በዚያ ሁሉ ጩኸትና አረፋ ውስጥስ ስንት ኢነርጂ ይጠፋል? የመጀመሪያው የግድግዳውን ቁመት ይወስናል፤ ሁለተኛው ከዚያ በታች ያለው የአፈር ቦይ መትረፍ አለመትረፉን።

ፊዚክስ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ኢነርጂውን እኩል ማድረግ። የውኃ ሰዎች ኢነርጂን በሜትር ይለካሉ፤ ጥልቀቱ ላይ ከፍጥነቱ የሚገኘውን ከፍታ ይደምሩበታል። በሰከንድ ስምንት ሜትር የሚሮጥ ውኃ ወደ ላይ ቢቀናለት 3.26 ሜትር ሊወጣ ይችላል፤ በዚህ ላይ 25 ሴንቲ ሜትሩ ጥልቀት ሲጨመር 3.51 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ከዝላዩ በኋላም ድምሩ 3.51 ሜትር ነው ብለን ጥልቀቱን ብንፈልግ 3.50 ሜትር የሚል መልስ እናገኛለን። ይህን ቁጥር ቀድሞ አይተነዋል፤ ከበሩ ኋላ የተኛው ውኃ ከፍታ ነው። ስሌቱ በራሱ ስሕተት የለበትም። ኢነርጂ ሳይጠፋ ዝግ ብሎ መሄድ የሚቻልበት ጥልቀት ያ ብቻ ስለሆነ፣ ቀመሩ ውኃውን ወደ መጣበት መለሰው። በዚህ መልስ አምኖ የሠራ መሐንዲስ ግድግዳውን ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ያቆመዋል።

በዚህ መንገድ የተሳሳቱ ታላላቅ ሰዎችም አሉ። ጣሊያናዊው ጆርጆ ቢዶኔ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቱሪን ዝላዩን በሙከራ ቦይ እያስነሣ ለክቶት ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣን ባፕቲስት ቤላንዤ በ1828 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የእነዚያን ልኬቶች ምክንያት ለማስረዳት የተነሣው ኢነርጂን ይዞ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ትክክለኛ ቀመር ያወጣው ከአሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው፤ በ1841 በታተመ የማስተማሪያ ጽሑፉ። ቤላንዤ የለወጠው የሒሳቡን ዝርዝር ሳይሆን መነሻውን ነው። በዝላዩ ውስጥ ኢነርጂ ስንት እንደሚጠፋ ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ከማይታወቅ ነገር መነሣት አይቻልም። በአንጻሩ ጉልበት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ውኃውን የሚገፋው ማን ነው? የሚመልሰውስ? ይህን ለመቁጠር በአረፋው ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ አያስፈልግም፤ በመግቢያውና በመውጫው መቆም ይበቃል።

እንቁጠረው። በዝላዩ ዙሪያ በሐሳብ ሣጥን እናድርግ፤ አንዱ ፊቱ ስሱ ውኃ ከሚገባበት፣ ሌላው ጥልቁ ውኃ ከሚወጣበት ላይ ይሁን። ሥራውን ለአንድ ሜትር ስፋት ብቻ፣ ጉልበቱንም እንደ ክብደት በኪሎ እንያዘው። 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በመቆሙ ብቻ ፊት ለፊቱ ያለውን በ31 ኪሎ ይገፋል፤ ከምንም የማይቆጠር ነው። ትልቁ ነገር ሩጫው ነው። በየሰከንዱ ሁለት ቶን ውኃ በስምንት ሜትር ፍጥነት ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ይህ የሚያመጣው ግፊት 1,631 ኪሎ ይሆናል። በአንድ ላይ 1,662 ኪሎ ወደ ፊት ይገፋል ማለት ነው። ሌላው ፊት ላይ ሁለቱ ነገሮች ቦታ ተለዋውጠዋል። 1.69 ሜትር የሚጠልቀው ውኃ በመቆሙ ብቻ 1,420 ኪሎ ወደ ኋላ ይገፋል፤ በሰከንድ 1.19 ሜትር እያዘገመ የሚወጣው ደግሞ 242 ኪሎ ይዞ ይሄዳል። ሲደመር 1,662። ሚዛኑ ቆመ። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ኖሮ የኋላው ጉልበት አንሶ ዝላዩ ወደ ታች ይገፋ ነበር፤ 2 ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ በሩ ይመለሳል። በአንድ ቦታ የሚቆመው በዚህ አንድ ጥልቀት ብቻ ነው።

ይህን ሚዛን በየጊዜው እየሞከሩ መፈለግ ይቻላል፤ ግን ቤላንዤ አንድ ጊዜ ፈትቶልናል። ቀመሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የስሱን ውኃ ጥልቀትና የፍሩድ ቁጥር የሚባለውን። ይህ ቁጥር ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የመርከብ መሐንዲስ ከዊልያም ፍሩድ ሲሆን የሚለው ነገር ቀላል ነው፤ ውኃው በራሱ ላይ ከሚሄድ ማዕበል ስንት እጥፍ ይፈጥናል? ጠጠር ቢወረወርበት የሚነሣው ትንሽ ማዕበል በ25 ሴንቲ ሜትር ውኃ ላይ በሰከንድ 1.57 ሜትር ይጓዛል። ውኃው ደግሞ ስምንት ይሮጣል። ስምንትን በ1.57 ስናካፍል 5.1 እናገኛለን። ስለዚህ በዚህ ስስ ውኃ ላይ የተነሣ ማዕበል ወደ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ውኃው ጠርጎት ይወርዳል። ከዝላዩ በታች ግን ማዕበሉ በሰከንድ አራት ሜትር ሲጓዝ ውኃው የሚሄደው 1.19 ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 0.29 ወርዷል። ከታች ያለው ነገር ሁሉ፣ የተዘጋ በር ይሁን የተደፈነ ቦይ፣ ወሬውን ወደ ላይ ማድረስ ይችላል። ወሬው ግን ከዝላዩ አያልፍም። ዝላይ ማለት በአጭሩ የታችኛው ውኃ መልእክትና የላይኛው ውኃ ሩጫ የተጋጠሙበት ቦታ ነው።

የቤላንዤ ቀመር ይህ ነው፤ y1 ስሱ ጥልቀት፣ y2 ከዝላዩ በኋላ ያለው ጥልቀት፣ F የፍሩድ ቁጥር፦

y2 = (y1 / 2) × (√(1 + 8F²) − 1)

በእኛ ቦይ የF ካሬ 26.1 ነው። በስምንት ተባዝቶ አንድ ሲጨመርበት 209.8 ይሆናል፤ ሥሩ 14.48፣ አንድ ሲቀነስ 13.48። የ25 ሴንቲ ሜትር ግማሽ በሆነው 0.125 ሲባዛ 1.69 ሜትር ይሰጣል። በስልክ ካልኩሌተር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ኢነርጂው የሚመጣው አሁን ነው። ጥልቀቱ ከታወቀ በኋላ ከዝላዩ በታች ያለውን ድምር መሥራት ቀላል ነው። ውኃው በሰከንድ 1.19 ሜትር ሲሄድ ፍጥነቱ የሚያዋጣው ሰባት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጥልቀቱ ጋር 1.76 ሜትር ይሆናል። ሲገባ 3.51 ነበር። 1.75 ሜትሩ፣ ማለትም ግማሹ፣ ጠፍቷል። ሁለቱን ጥልቀቶች ብቻ ይዞ እዚሁ የሚያደርስ አቋራጭም አለ፦

ΔE = (y2 − y1)³ / (4 × y1 × y2)

የዚህ አቋራጭ ውበት ከላይ ባለው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው። y2 ከy1 ቢያንስ ኖሮ መልሱ ከዜሮ በታች ይሆን ነበር፤ ያ ደግሞ ኢነርጂ ከየትም ሳይመጣ ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ጥልቅና ዝግተኛ የሆነ ውኃ በራሱ ጊዜ በደልዳላ ወለል ላይ ወደ ስስና ፈጣን ሊዘል አይችልም። ዝላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው።

1.75 ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በሰከንድ ስድስት ቶን ውኃ ይህን ያህል ከፍታ እያጣ ሲያልፍ ግን 103 ኪሎዋት ነው። ሠላሳ ያህል የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ያለማቋረጥ እንደበራ ቁጠሩት። ወዴት ይሄዳል? ትልቁ ሽክርክሪት ትናንሽ ሽክርክሪቶችን ይፈጥራል፤ እነዚያም ከእነሱ ያነሱትን፤ በመጨረሻ ውኃው ከራሱ ጋር እየተፋተገ ሁሉም ሙቀት ይሆናል። እጁን ከታች የሚነክር ሰው ግን አንዳች አይሰማውም፤ ውኃው የሚሞቀው በሺህ አራት ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ነውና። መሐንዲሱ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው፤ 103 ኪሎዋቱ የቦዩን አፈር ከሚፈነቅል ማንም ሳያየው ውኃ ውስጥ ቢቀር።

እስካሁን ያየነው ዝላዩ የሚፈልገውን ጥልቀት ነው። ቦዩ የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በመስክ ላይ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣውም ከዚህ ልዩነት ነው። ከኮንክሪቱ በታች ያለው የአፈር ቦይ 6 ሜትር ኩቡን በስንት ጥልቀት እንደሚያሳልፍ የሚወስኑት ተዳፋቱ፣ ስፋቱና የወለሉ ሸካራነት ናቸው፤ መሐንዲሶች ይህን በማኒንግ ቀመር ያሰሉታል። የቤላንዤን ቀመር አያውቀውም፣ ግድም የለውም። እንበልና ቦዩ 1.30 ሜትር ሰጠ። ዝላዩ የጠየቀው 1.69 ነበር። የኋላው ግፊት አነሰ፤ ዝላዩ እየተንሸራተተ ከኮንክሪቱ ይወጣና ስሱ ውኃ በስምንት ሜትር ፍጥነት ባዶ አፈር ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቦይ ሲታይ ያስታውቃል፤ ኮንክሪቱ ላይ ውኃው እንደ መስታወት ለስልሶ ያልፋል፣ አረፋውና ጩኸቱ ከኮንክሪቱ ጫፍ ወዲያ ነው፣ ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲቀንስ ደግሞ ከጫፉ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ ይገኛል። ጉድጓዱ ወደ ኋላ እየበላ የኮንክሪቱን መሠረት ባዶ ያስቀረዋል።

የተለመደው መድኃኒት ወለሉን ዝቅ ማድረግ ነው። ዝላዩ እንዲነሣበት ከበሩ በታች ገንዳ ይቆፈራል፤ ባለሙያዎቹ ስቲሊንግ ቤዚን የሚሉት ነው። ጎዶሎው 39 ሴንቲ ሜትር ነውና ያን ያህል ከተቆፈረ ይበቃል የሚለው ሰው ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። ወለሉ ዝቅ ሲል ውኃው ተጨማሪ ቁልቁለት አገኘ፤ ስለዚህ ይፈጥናል፣ ይሳሳል፣ ዝላዩም የበለጠ ጥልቀት ይጠይቃል። 45 ሴንቲ ሜትር ቢቆፈር ውኃው 23 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በሰከንድ 8.55 ሜትር ይገባል፤ የፍሩድ ቁጥሩ 5.6 ይደርስና ዝላዩ 1.75 ሜትር ይፈልጋል። ገንዳው የሚሰጠው 1.30 ሲደመር 45 ሴንቲ ሜትር፣ ይኸው 1.75 ነው። ተገናኙ። ይህን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ንጹሕ ቀመር የለም፤ አንድ ጥልቀት ይገመታል፣ ይሰላል፣ ይታረማል። ጠንቃቃ መሐንዲስ ከዚያ ላይ ጥቂት ጨምሮ ይቆፍራል፤ ምክንያቱም የአፈር ቦዩ ሸካራነት በወረቀት ላይ እንደተጻፈው ሆኖ አይቆይም። ሣሩ ሲታጨድና ደለሉ ሲጠረግ ቦዩ ውኃውን ቶሎ ያወርደዋል፤ የኋላው ጥልቀት ይወርዳል፤ ለዓመታት በቦታው የኖረው ዝላይ ከጽዳቱ ማግስት ይወጣል። ቦዩ ስለጸዳ ተበላሸ ቢባል ማንም አያምንም፤ የሚሆነው ግን ይህ ነው።

ቦዩ ከሚፈለገው በላይ ቢሰጥስ? 2.30 ሜትር ቢሆን ዝላዩ ወደ በሩ ይመለስና ይሰጥማል። ላይ ላዩን ሲያዩት ውኃው የተረጋጋ ይመስላል። ፈጣኑ ውኃ ግን አልጠፋም፤ ከሥር ወለሉን ይዞ ይሮጣል፣ ከላይ ያለው ውኃ ደግሞ ወደ በሩ ይመለሳል። በዚህ ላይ የወደቀ እንጨት ወይም ጀሪካን ሲታይ ነገሩ ይገለጣል፤ ወደ ታች ከመሄድ ይልቅ ወደ በሩ ይሳባል፣ ይሰጥማል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ይሳባል። ሰውም ቢወድቅ እንደዚያው ነው፤ ዋና መቻልም አያድነውም፣ ምክንያቱም ወደ ላይ ሲዋኝ ወደ በሩ የሚወስደው ጅረት ውስጥ ነው የሚገባው። ከዝቅተኛ ግድቦች ሥር የሚሰጥሙ ብዙዎች የሚሞቱት በዚህ ጸጥታው በሚያታልል ቦታ ነው። የሚያስፈራ መስሎ የሚጮኸው ዝላይ ቢያንስ ራሱን ያስጠነቅቃል።

ሁሉም ዝላይ እኩል ሥራ አይሠራም። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎች በሃምሳዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. በሠሯቸው ሙከራዎች ዝላዮችን በፍሩድ ቁጥራቸው መደቧቸው፤ ምድቡ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ከ4.5 እስከ 9 ያለው የተመረጠው ነው፤ ቦታውን ይይዛል፣ ከታች የሚወጣውም ውኃ የረጋ ነው። የእኛ 5.1 እዚህ ውስጥ ይወድቃል። አስቸጋሪው ከ2.5 እስከ 4.5 ያለው ነው። በዚህ መካከል የሚገባው ውኃ አንዴ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ አንዴ ወደ ላይ ይወጣል፤ በተገለበጠ ቁጥር ትልቅ ማዕበል ይለቃል፤ ማዕበሉም ብዙ ርቀት ተጉዞ የአፈር ቦዩን ዳርቻ ሲመታ ይውላል።

እዚህ ላይ በር ጠባቂው ይመጣል። ከበሩ ኋላ ያለው ውኃ 3.50 ሜትር ላይ እንዳለ በሩ እጥፍ ይከፈት እንበል። ስሱ ውኃ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በሰከንድ 7.75 ሜትር ይሮጣል፤ በቦዩም በሰከንድ 11.6 ሜትር ኩብ ያልፋል። የፍሩድ ቁጥሩ ግን ወደ 3.5 ወረደ፤ የበለጠ ውኃ ቢመጣም ዝላዩ ሰነፈ። የሚጠይቀው ጥልቀት 2.24 ሜትር ሲሆን ከኢነርጂው የሚያጠፋው ሲሶውን ብቻ ነው፤ ቀድሞ ግማሹን ያጠፋ ነበር። ስለዚህ በአንድ የውኃ መጠን ብቻ ተሰልቶ የተሠራ ገንዳ ለዚያች መጠን ብቻ ነው የሚሠራው። በሩ ከሚከፈትበት ትንሹ እስከ ትልቁ ድረስ ዝላዩ የሚጠይቀውና ቦዩ የሚሰጠው ጥልቀት ጎን ለጎን መሰላት አለባቸው፤ ገንዳው የሚቆፈረው ልዩነቱ ለሚበረታበት ነው፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁ ጎርፍ አይደለም።

ኢነርጂው በውኃው ውስጥ ይቀራል ስንል ኮንክሪቱ ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። በዝላዩ ሥር ያለው ግፊት በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በሜክሲኮ በግሪሃልቫ ወንዝ ላይ ባለው በማልፓሶ ግድብ በ1970 የደረሰው ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። የገንዳው ወለል 12 በ12 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ውፍረት ባላቸው የኮንክሪት ንጣፎች የተሠራ ነበር፤ አንዱ ብቻ 720 ቶን ይመዝናል። ዝላዩ እነዚህን ከቦታቸው አነሣቸው። ሲመረመር የተገኘው ምክንያት ቀላል ነበር፤ ግፊቱ በንጣፎቹ መጋጠሚያ ክፍተት ገብቶ ከሥር ይሰራጫል፣ በዚያው ቅጽበት ከላይ ያለው ግፊት ሲወርድ ከሥር ያለው ንጣፉን ይፈነቅለዋል። ከዚያ ወዲህ መጋጠሚያን በደንብ ማሸግና ንጣፎችን ከዐለቱና እርስ በርሳቸው በብረት ማሰር ዋና ጉዳይ ሆነ። በእኛ ደጋ ወንዞች ላይ ባሉ የጠለፋ ግድቦች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ክረምት የሚያመጣው ድንጋይ በገንዳው ውስጥ ከገባ ዝላዩ አያስወጣውም፤ እዚያው እያንከባለለ ኮንክሪቱን ይፈጨዋል። በጋ ላይ ገንዳው ሲደርቅ ድንጋዮቹ ሞልሙለው፣ ወለሉም ጎድጉዶ ብረቱ ወጥቶ ከታየ ጉዳዩ ይህ ነው።

ቀመሩ የሚሠራበት ልክም መታወቅ አለበት። ቤላንዤ የያዘው ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ደልዳላ የሆነ፣ ምንም ያልተተከለበት ቦይ ነው። ግድግዳው ለተንጋለለ የአፈር ቦይ ይህ ቀመር አይሆንም፤ የኪሎው ሚዛን ግን ይሠራል፣ ጥልቀቱን እየሞከሩ ሁለቱን ፊቶች ማመጣጠን ነው። ወለሉ ላይ የኮንክሪት ጥርሶች ከተተከሉ እነሱም ውኃውን ወደ ኋላ ስለሚገፉ በሚዛኑ ይገባሉ፤ የሚያስፈልገው ጥልቀትና ርዝመት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ርዝመቱን ቀመሩ ጨርሶ አይነግረንም። በሙከራ የታወቀው ከy2 ስድስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው፤ ከላይ አሥር ሜትር ያልኩትም ከዚህ የመጣ ነው።

የተሠራ ቦይ ላይ ሄዶ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በy1 ነው። በስምንት ሜትር ፍጥነት በሚሮጥ ውኃ ውስጥ መለኪያ ሲቆም ውኃው ፊት ለፊቱ ይቆለልና ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። የውኃው መጠን በትክክል ታውቆ 25 ሴንቲ ሜትሩ 27 ተብሎ ቢነበብ፣ ስሌቱ ለy2 1.61 ሜትር ይሰጣል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስሕተት ስምንት ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ስሱን ጥልቀት ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ቀጭን ሹል ዘንግ፣ ጫፉ የውኃውን ፊት ሲነካ ብቻ ማንበብ ይሻላል። y2 ደግሞ አረፋው እየተናጠ ባለበት አይለካም፤ አየር የተቀላቀለበት ውኃ ከመጠኑ በላይ ያበጠ ነው። አረፋው ጠፍቶ ፊቱ እስኪስተካከል አሥር ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከግድግዳው ላይ በተሠመረው መለኪያ ደጋግሞ አንብቦ አማካዩን መያዝ ነው።